የተጭበረበረ የሂሳብ መግለጫ ያገኘ አካውንታንት ከቫውቸሩ እስከ ጥቆማው ምን ያድርግ?

ወሩ ኅዳር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፣ የውጭ ኦዲተሩ ሪፖርቱን ፈርሟል፣ የዓመቱ የግብር ማስታወቂያም ጥቅምት ሳያልቅ ገብቷል። በአንድ የአክሲዮን ማኅበር ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሲኒየር አካውንታንት ጠረጴዛው ላይ አንድ የጆርናል ቫውቸር ይመጣለታል። በሰኔ የመጨረሻ ሦስት ቀናት ለሦስት ደንበኞች በዱቤ የተሸጠ ዕቃ "ተመልሷል" ይላል፤ መጠኑ 46 ሚሊዮን ብር ነው። "ያጸደቀው" በሚለው መስመር ላይ የፋይናንስ ኃላፊው ፊርማ አለ። "ያዘጋጀው" የሚለው ባዶ ነው። አባሪ ወረቀት የለውም።

ይህ ድርጅትና ቁጥሮቹ ለማብራሪያ ብለን ያዘጋጀናቸው ናቸው። ዘዴው ግን በእውን የሚሠራበት ነው፤ ዓመት ሊዘጋ ሲል ያልነበረ ሽያጭ ይመዘገባል፣ ኦዲተሩ ከወጣ በኋላ በጸጥታ ይሰረዛል። መመሪያው የሚከተለው ያ ቫውቸር የቀረበለትን ሰው ነው። ኦዲተሩን ወይም የቦርድ አባሉን አይመለከትም።

መጀመሪያ፦ ጥርጣሬው እውነት መሆኑን ያጣሩ

ለማንም ቃል ከመተንፈስዎ በፊት በሥራዎ ምክንያት ሁልጊዜ የሚያዩዋቸውን መዛግብት ብቻ ይዘው አራት ነገሮችን ያስተያዩ። ሽያጭ የሂሳብ ክፍል ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። መጋዘን፣ ገቢዎችና ባንክ ዘንድ ዱካውን ይተዋል፤ የውሸት ሽያጭ የሚታወቀውም ዱካው በመጥፋቱ ነው።

መጋዘኑን ያስቀድሙ። 46 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ ከግቢው ከወጣ የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ሰነድ ይኖራል፣ ቢን ካርዱ ላይ ቀሪው ይቀንሳል፣ የጥበቃ መውጫ ፈቃድም ይኖራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ሞዴል 22 ብለው ይፈልጉታል። ተመልሷል ከተባለም በዚያው ልክ የገቢ ሰነድ ሊኖር ይገባል። በእኛ ምሳሌ ቢን ካርዱ ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 5 ምንም አልተንቀሳቀሰም። ያልወጣ ዕቃ አይመለስም።

ሁለተኛው ቫት ነው። በሰኔ ወር ሌጀሩ ላይ ያለው ሽያጭ 72 ሚሊዮን ብር ነው፤ 26 ሚሊዮኑ የወሩ መደበኛ ሽያጭ፣ 46 ሚሊዮኑ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት። በ15 በመቶ ሲሰላ የሰኔ ቫት ማስታወቂያ 10.8 ሚሊዮን ብር ማሳየት ነበረበት። የገባው ማስታወቂያ ግን 3.9 ሚሊዮን ይላል፣ ይህም የ26 ሚሊዮኑ ልክ ነው። የሐሰት ሽያጭ የሚሠሩ ሰዎች ላልነበረ ሽያጭ እውነተኛ ቫት መክፈል አይፈልጉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋልጣቸውም ይህ ነው። ለባንክና ለባለአክሲዮኖች የተሰጠው መግለጫና ለገቢዎች የገባው መግለጫ አንድ መሆናቸውንም ያን ጊዜውኑ ይመልከቱ። ሁለት የተለያዩ መግለጫዎች ካሉ ጉዳዩ ከአንድ ቫውቸር ያለፈ ነው።

ሦስተኛው የትርፍ ህዳግ ነው። ድርጅቱ በየወሩ ከሽያጩ 18 በመቶ ገደማ ጥቅል ትርፍ ያገኛል። ዕቃ ስላልወጣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ አልተመዘገበም፤ ስለዚህ 46 ሚሊዮኑ እንዳለ ትርፍ ውስጥ ይገባል። የሰኔ ህዳግ 70 በመቶ ደርሷል ማለት ነው። በዓመቱ ድምር ውስጥ ይህ ይደበዝዛል፤ በወር በወር ከፍለው ካዩት ግን ዓይን ውስጥ ይገባል።

አራተኛው ገንዘቡ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ከሦስቱ ደንበኞች አንድ ብር እንኳ ባንክ ገብቷል? አልገባም፣ ማንም ደውሎ አልጠየቃቸውም፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም አልተጻፈላቸውም። 46 ሚሊዮን ብር ያበደረ ድርጅት አምስት ወር ሙሉ ዝም አይልም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሥራ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል፤ ለኃላፊው የሚጠቅም ንጹሕ ማብራሪያ መፈለግ ነው። ዕቃው ከደረቅ ወደብ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የእርስዎ መጋዘን ባያየውም የትራንስፖርት ሰነድና የደንበኛው መረከቢያ ይኖራል። ደንበኛው ገዝቶ "እናንተ ዘንድ ይቆይልኝ" ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የእሱ የጽሑፍ ጥያቄና ለብቻው ተለይቶ የተቀመጠ ዕቃ ያስፈልጋል። ሐቀኛ ስህተትም ሊሆን ይችላል፤ ስህተት ከሆነ ግን የሚታረመው ያለፈውን ዓመት መግለጫ በማስተካከልና ለኦዲተሩ በማሳወቅ ነው። "ተመላሽ" የሚል ስም ሰጥቶ የዘንድሮውን ሽያጭ መቀነስ እርማት አይባልም። ሦስቱም ማብራሪያዎች ተፈትነው ከወደቁ በእጅዎ ያለው ጥርጣሬ መሆኑ ቀርቷል።

የቱ ታማኝነት፣ ለማን?

"እንጀራ የበላሁበትን ቤት እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ?" የሚለው ጥያቄ ከልብ የሚመጣ ነው፤ በአንድ የሕግ አንቀጽ አይዘጋም። የፋይናንስ ኃላፊው ምናልባት እርስዎን የቀጠረ፣ በሐዘንዎ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አብሮዎት ያመሸ ሰው ነው። ነገር ግን ቤቱ ማን እንደሆነ መለየት ያሻል። የአክሲዮን ማኅበር ቤት የባለአክሲዮኖቹ ነው። ኃላፊውም እንደ እርስዎ በዚያ ቤት ተቀጣሪ ነው። ለእሱ ያለዎት ውለታ የግል ነው፣ በግል ይከፈላል፤ የድርጅቱን መዝገብ አስይዘው የሚከፍሉት ዕዳ አይደለም።

ምስጢር መጠበቅ ደግሞ እውነተኛ የሙያ ግዴታ ነው። የደንበኞች ዝርዝር፣ የዋጋ ስሌት፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የጨረታ ዋጋ፤ እነዚህን ማውጣት ጥፋት ነው፣ ከተጭበረበረው ጉዳይ ጋርም አይገናኙም። የዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ በክፍል 260 ላይ በድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ አካውንታንት የሕግ ጥሰት ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስቀምጣል። ከፍተኛ ኃላፊነት ያለው ሰው ጥሰቱን ራሱ የማስቆምና የማስተካከል ሸክም አለበት፤ ከዚያ በታች ያለው ለቅርብ አለቃው፣ አለቃው በጉዳዩ ውስጥ ካለበት ደግሞ ለሚቀጥለው ያሳውቃል። በበቂ ምክንያትና በቅን ልቦና ለሚመለከተው ባለሥልጣን መንገር ምስጢር ማባከን እንደማይሆንም ደንቡ በግልጽ ይናገራል።

የሕዝብ ጥቅም የሚለው ቃል ሰፊ ስለሆነ ለሚዛን አይመችም። በሱ ፈንታ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ መግለጫውን አምኖ ገንዘቡን ያንቀሳቀሰ ማነው? በምሳሌያችን መግለጫው ከግብር በፊት 38 ሚሊዮን ብር ትርፍ ያሳያል። 46 ሚሊዮኑ ሲወጣለት 8 ሚሊዮን ብር ኪሳራ ነው። በዚህ ሪፖርት ባንኩ የኦቨርድራፍት ጣሪያ ከፍ አድርጓል፣ ቦርዱ የትርፍ ድርሻ አከፋፍሏል፣ አዲስ አክሲዮንም ለሽያጭ ቀርቧል። ከውጭ አገር ላቡን ቆጥቦ አክሲዮን የሚገዛው ወንድምና እህት የሚያየው ያንኑ የትርፍ መስመር ነው። በሌላ በኩል ባልና ሚስት ብቻ ባለቤት በሆኑበት፣ ብድርም ሌላ ባለአክሲዮንም በሌለበት ድርጅት 40 ሺህ ብር በተሳሳተ ዓመት ቢመዘገብ መፍትሔው ማስተካከል ነው፤ ወደ ውጭ የሚያስሮጥ ነገር የለውም። ክብደቱ የሚለካው ባመነውና በሚጎዳው ሰው ነው።

"ሠራተኛው ሥራ ያጣል" የሚለው መከራከሪያ ከሁሉ ይከብዳል፤ ለእሱ በሰነድ የተመዘገበ ታሪክ አለ። በአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ወርልድኮም እ.ኤ.አ. በ2000 መኸር የሂሳብ ሠራተኞቹ ቤቲ ቪንሰንና ትሮይ ኖርማንድ ለመጠባበቂያ የተያዘ ሂሳብ ቀንሰው የወጪውን ቁጥር በ828 ሚሊዮን ዶላር እንዲያሳንሱ ታዘዙ። አልተዋጠላቸውም፤ የመልቀቂያ ደብዳቤም አርቅቀው ነበር። የፋይናንስ ዋና ኃላፊው ስኮት ሱሊቫን ጠርቶ አነጋገራቸው። ኩባንያውን ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጋር አመሳሰለና በአየር ላይ ያሉት እስኪያርፉ ቆዩ፣ ከዚያ መሄድ ትችላላችሁ አላቸው። ቆዩ። በሚቀጥለው ዓመት ተራ የመስመር ኪራይ ወጪ ወደ ቋሚ ንብረት እየተዛወረ መመዝገብ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ብቻ 771 ሚሊዮን ዶላር። ጉዳዩ ሲገለጥ መጠኑ 3.8 ቢሊዮን ተባለ፣ በኋላ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 ኪሳራ አወጀ፣ ሥራውም አልተረፈም። ቪንሰን ጥፋተኛነቷን አምና አምስት ወር እስርና አምስት ወር የቤት ውስጥ እስር ተፈረደባት፤ ኖርማንድ በገደብ ተለቀቀ። ሁለቱም ኪሳቸው የገባ የተሰረቀ ገንዘብ አልነበረም። የፈረሙት ለአለቃቸው ብለው ነው።

"ለአንድ ሩብ ዓመት ብቻ" የሚባለው የማይሠራው በሂሳቡ በራሱ ባሕርይ ነው። ዘንድሮ የተጋነነ ትርፍ በሚቀጥለው ዓመት ተሰርዞ ኪሳራ ይሆናል፤ ያንን ለመሸፈን ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ የውሸት ሽያጭ ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ የኅዳሩ ስረዛ የዘንድሮውን ውጤት በ46 ሚሊዮን ያወርደዋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኔ ሌላ ቫውቸር ይመጣል።

ቀጥሎ፦ አይፈርሙ፣ ግን እንቢታዎን በሥራ ቋንቋ ይግለጹ

ቫውቸሩ ላይ ሲፈርሙ አዘጋጅ ይሆናሉ። "ታዝዤ ነው" የሚል ማስታወሻ ከጎኑ ቢጽፉም የሚቀየር ነገር የለም፤ እንዲያውም ችግሩን አውቀው እንደፈረሙ ራስዎ መሰከሩ ማለት ነው። በሌላ ሰው የይለፍ ቃል ገብተው መመዝገብም ሆነ የእርስዎን አሳልፈው መስጠት ከመፈረም የባሰ ነው።

እንቢታው ክስ እንዳይመስል ያድርጉ። ሰነድ የመጠየቅ መብት የማንኛውም አካውንታንት ነው፤ ያንን ብቻ ይጠቀሙ፣ በድርጅቱ ኢሜይልም ይላኩት፦

"አቶ …፣ የጆርናል ቫውቸር ቁጥር … (የተመለሰ ዕቃ፣ 46 ሚሊዮን ብር) ዛሬ ደርሶኛል። ለመመዝገብ የሰኔ ወር የዕቃ ወጪ ማድረጊያ፣ የሽያጭ ደረሰኞቹ ቅጂ፣ ዕቃው ሲመለስ የተሠራው የመጋዘን ገቢ ሰነድና ክሬዲት ኖት ያስፈልጉኛል። ሽያጩ ባለፈው በጀት ዓመት የተመዘገበ ስለሆነ ስረዛው በተዘጋው መግለጫ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለኦዲተሩ ማሳወቅ የሚያስፈልግ ይመስለኛል። ሰነዶቹ እስኪደርሱኝ ቫውቸሩን ሳልፈርም በእጄ አቆየዋለሁ።"

በዚህ ውስጥ "ማጭበርበር" የሚል ቃል የለም። ሐቀኛ ኃላፊ ሰነዱን ይልካል ወይም ይደነግጣል። ሌላው ደውሎ "ይህን በኢሜይል ምን አስጻፈህ?" ይላል። ከዚያ ስልክ በኋላ የተባለውን በራስዎ ቃል ከነሰዓቱ ይጻፉት። አፍ ለአፍ የተሰጠውንም ትእዛዝ "በስልክ እንደተነጋገርነው ቫውቸሩን ያለ አባሪ እንድመዘግብ ነግረውኛል፤ በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ቢያረጋግጡልኝ" ብለው መልሰው ይላኩለት። የወርልድኮሙን ማጣራት የመራችው የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ሲንቲያ ኩፐር ሥራዋን እስከ ሦስተኛው ሩብ ዓመት እንድታቆየው በሱሊቫን ተጠይቃ ነበር። "ትንሽ ቆይ" የሚለው ጥያቄ ራሱ መረጃ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ እስከ መቼ እንዳለ ይመዝገብ።

ማስረጃ፦ ምን ይያዝ፣ ምን አይነካ

የሚያስፈልግዎ አንድ የተጠረዘ ደብተር ነው። ልቅ ወረቀት በኋላ የተጨመረ ይመስላል። ቀኑን፣ የቫውቸሩን ቁጥር፣ የሂሳብ ኮዱን፣ መጠኑን፣ ማን እንደመዘገበው፣ ሰነዱ የት ፋይል ውስጥ እንዳለ ይጻፉ። ያዩትንና የገመቱትን አይቀላቅሉ፤ "ቢን ካርዱ ላይ ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 5 እንቅስቃሴ የለም" ያዩት ነው፣ "ሥራ አስኪያጁም ያውቃል" ግምት ነው። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚይዝ የኦዲት ትሬይል ሪፖርት ካለው የሪፖርቱን ቀንና የመግቢያ ቁጥሮቹን ይመዝግቡ። በኋላ ቢሰረዝ እንኳ መርማሪው የትኛውን ባክአፕ መክፈት እንዳለበት ያውቃል።

ብዙ ትክክለኛ ሰዎች የሚወድቁት ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። ፋይል በጅምላ ወደ ግል ኢሜይል መላክ፣ የማይመለከትዎትን ፎልደር መክፈት፣ ዋናውን ሰነድ ይዞ መውጣት፤ እነዚህ ሲደረጉ የውይይቱ ርዕስ ከ46 ሚሊዮኑ ወደ እርስዎ ይዞራል። አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ያገኛል። ዋናው ሰነድ በቦታው መቆየቱ ለጉዳዩም ይጠቅማል፤ መርማሪ ሲመጣ ከፋይሉ ነው የሚያወጣው። በሥራዎ ከሚያገኟቸው ሰነዶች ቅጂ መያዝ ግድ የሚል ከመሰለዎት አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ከጠበቃው ጋር የሚያወሩትም በቢሮ ስልክና ኢሜይል አይሁን።

ለሥራ ባልደረባም አይንገሩ። ክፋት አስቦ ባይሆንም ወሬው በሁለት ቀን ኃላፊው ጋ ይደርሳል፣ ሰነድ የሚጠፋውም በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

በቤት ውስጥ ወደ ላይ መውጣት

ለኃላፊው የተላከው ኢሜይል የመጀመሪያው ደረጃ ነበር። በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሰነድ ካልመጣ ወይም ጫና ከመጣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሥራ አስኪያጁ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ያለው ከመሰለ፣ ለምሳሌ ጉርሻው በትርፍ የሚሰላ ከሆነ ወይም የባንክ ብድሩን ራሱ የፈረመ ከሆነ፣ እሱን ዘለው ወደ ዳይሬክተሮች ቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ መሄድ ይችላሉ። ኩፐርም የሄደችው ወደ ኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ማክስ ቦቢት ነበር። ለጋዜጣ አልተናገረችም፤ ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በጁን 25 ቀን 2002 እውነቱን ይፋ እንዲያደርግ ያስገደደው በቤት ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው።

የሚሰጡት ጽሑፍ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። መጀመሪያ ምን እንደተመዘገበ፣ ቀጥሎ አራቱ ማጣሪያዎች ምን እንዳሳዩ፣ ከዚያ የመረመሯቸው ንጹሕ ማብራሪያዎችና ለምን እንዳልሠሩ፣ በመጨረሻ ምን እንዲደረግ እንደሚጠይቁ። ስድብ፣ የቆየ ቅሬታ፣ የደረጃ ዕድገት ጉዳይ አንድ መስመርም አይግባበት፤ ከገባ አንባቢው ቂም ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። በእጅ ይስጡ፣ ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው ስም፣ ቀንና ፊርማ ያስደርጉ።

የውጭ ኦዲተሩም ሊደረስበት የሚገባ ሰው ነው፤ አካውንታንቶች ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ሪፖርቱን ፈርሞ ሄዷል ማለት ነገሩ ከእጁ ወጣ ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የኦዲት መስፈርት 560 እንደሚለው ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ፣ ቀድሞ ቢታወቅ ሪፖርቱን ያስቀይር የነበረ ነገር ኦዲተሩ ሲደርስበት ከአመራሩ ጋር ይነጋገራል፣ መግለጫው መሻሻል እንዳለበት ይወስናል፤ አመራሩ እንቢ ካለ ሰዎች በዚያ ሪፖርት ላይ እንዳይመኩ የሚያደርግ እርምጃ መውሰድ አለበት። ኦዲተሩን ያታለሉበትም መንገድ ሊነገረው ይገባል፤ የደንበኞች ቀሪ ሂሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ የተላከበትን አድራሻ የሰጠው ድርጅቱ ራሱ ከሆነ ያ ማረጋገጫ ምንም አላረጋገጠም። ኦዲተሩን ከማነጋገርዎ በፊት ግን የኦዲት ኮሚቴውን ፈቃድ ወይም የጠበቃ ምክር ቢያገኙ ጥሩ ነው።

ወደ ውጭ፦ ለማን፣ በምን መልክ

የቤቱ በር ሁሉ ከተዘጋ፣ ወይም ማስረጃው ሊጠፋ፣ አክሲዮኑም በሐሰተኛው ሪፖርት ሊሸጥ ቀናት ከቀሩ ወደ ውጭ መሄድ ይመጣል። የት እንደሚሄዱ የሚወስነው የተጎዳው ማን ነው የሚለው ነው። በሂሳብ መግለጫውና በኦዲተሩ ሥራ ላይ ያለ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ሥርዓት የሚመራው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ድርጅቱ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ከሆነ ብሔራዊ ባንክ፣ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ የቫትና የግብር ጉዳዩ የገቢዎች ሚኒስቴር። የመንግሥት ድርጅት ከሆነ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችንም ስለሚነካ ብዙ ባለአክሲዮን ያለው ማኅበር ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ከጠበቃ ጋር ይመልከተው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበትኑ። ዋናውን ይምረጡ።

ስም ሳይጠቅሱ መጠቆም ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ሊዘነጉ አይገባም። ቫውቸሩን ያዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ስምዎን ባይጽፉም ይታወቃሉ። ስም የሌለው ጥቆማ ደግሞ ተመልሶ የሚጠይቁት ሰው ስለሌለ ወረቀቱ ራሱን ችሎ መቆም አለበት፦ ቫውቸር ቁጥር፣ ቀን፣ የቢን ካርድ ቁጥር፣ የሰኔ ቫት ማስታወቂያ መጠን። "በድርጅቱ ብዙ ሌብነት አለ" የሚል ጥቆማ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። "የሰኔን ሌጀርና የሰኔን ቫት ማስታወቂያ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ የ6.9 ሚሊዮን ብር ልዩነት ያገኛሉ" የሚለው ግን መርማሪውን በአንድ ከሰዓት ውስጥ እውነቱ ጋ ያደርሰዋል።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ከዚህ መንገድ ውጭ ነው። የሚያስጠይቀውም የሚያስከስሰውም እርስዎን ነው፤ በዚያ ላይ ተጠርጣሪው ቀድሞ እንዲዘጋጅ ያደርገዋል።

ሕጉ የሚሸፍንዎት እስከ የት ነው?

እዚህ ላይ ሰውን በባዶ ተስፋ መላክ በደል ነው። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ወንጀሉ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ፣ ያለ ጠቋሚው መረጃ ሊገለጥ የማይችል፣ በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነጻነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ ያለበት ሲሆን ነው የሚሠራው። ከሥራ መባረርን ለመከላከል ብቻ የሚመኩበት ጋሻ አይደለም።

ለተቀጣሪው የሚቀርበው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በፍርድ ቤትና በሌላ ሂደት ተካፋይ በመሆኑ ብቻ ማሰናበትን ሕጋዊ አያደርገውም። ስለዚህ ነው ኢሜይሉና በፊርማ የተሰጠው ጽሑፍ ዋጋ ያላቸው፤ ቅሬታው ከስንብቱ በፊት መቅረቡን ያሳያሉ። ይህ አዋጅ ግን "የሥራ መሪ" የሆኑትን አይሸፍንም። የሥራ መደብዎ ኃላፊ የሚል ከሆነ፣ ሰው የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣንም ካለዎት፣ አዋጁ ላይመለከትዎት ይችላል። ይህን ከመናገርዎ በፊት የቅጥር ውልዎንና የሥራ መዘርዝርዎን ይዘው ጠበቃ ጋ ይጠይቁ።

በንዴት አስቀድመው ሥራ አይልቀቁ። ሲለቁ ሰነዱ ጋ መድረሻ ያጣሉ፣ በሕገወጥ መንገድ ተሰናበትኩ ማለትም አይችሉም። መቀጠሉ በየቀኑ ሐሰት እንዲመዘግቡ የሚያስገድድዎት ከሆነ ብቻ መልቀቅ ተገቢ ይሆናል። ያን ጊዜም ደብዳቤው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጽ፦ "ደጋፊ ሰነድ የሌለው ቫውቸር ቁጥር … እንድመዘግብ በመጠየቄ።"

ከተሰናበቱ ቀኑን በደብተርዎ ላይ ያክብቡ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። "ሽማግሌ ገብቷል፣ ትንሽ ታገስ" እየተባለ ያ ጊዜ ብዙ ሰው ላይ አልፏል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን ሦስተኛው ወር ሳይሞላ መዝገብ ቤት ይግባ፣ የመዝገብ ቁጥሩም በዚያው ደብተር ላይ ይጻፍ።